ነጥቦቹ መስመር ሠርተውልኛል፤ ታዲያ ለምን «መንስኤ አያሳይም» ተባልኩ?

የሱሉልታ ልጅ፦ ሰላም፣ ነገ ጠዋት ለማኅበሩ አባላት ማቅረብ አለብኝ፣ እባካችሁ ቶሎ። የ40 ላሞች መረጃ ነው፤ በአግድሙ በቀን የሚበሉት ፉርሽካና ፋጉሎ በኪሎ፣ በቁሙ ወተቱ በሊትር። የዝምድናው መጠን r = 0.88። በመስመሩ 1 ኪሎ ሲጨመር 2 ሊትር ይጨምራል። «ለእያንዳንዷ ላም 2 ኪሎ ጨምሩ፣ 4 ሊትር ታገኛላችሁ» ብዬ ጻፍኩ። አማካሪዬ «ይህ መንስኤ አያሳይም» ብሎ መለሰብኝ። ምኑ ነው የተበላሸው?

ቢኒ፦ መስመሩ እምቢ ካለህ አንዱን ነጥብ በቀኝ ተጫንና `Add Trendline` በል።

የሱሉልታ ልጅ፦ መስመሩማ አለ ወንድሜ።

ገላን፦ 40 ላም ስለሚያንስ ነው። መረጃ ሲያንስ ዝምድናው በአጋጣሚም ይመጣል። 400 አድርገው፣ ማንም አይከራከርህም።

ሐኪሙ፦ ገላን፣ በ40 ነጥብ 0.88 እንዲሁ በአጋጣሚ አይመጣም፤ 4000 ላምም ቢሆን ችግሩ አይለቅም። የሱሉልታው፣ ለየትኛዋ ላም ስንት ኪሎ እንደሚሰጥ የወሰነው ማነው? አርቢው ወተቷን አይቶ ነው የሚሰፍርላት። 12 ሊትር የምትታለበው 5 ኪሎ ታገኛለች፤ ልትነጥፍ የደረሰችው ግማሽ ኪሎም ከደረሳት ጥሩ ነው። እንግዲህ ግራፍህ ላይ ወተቱ ነው መኖውን የጎተተው። በዚያ ላይ ያበሻ ላሞችንና የፈረንጅ ድቅሎችን ቀላቅለሃል። ያበሻዋ ከታች በግራ፣ ድቅሏ ከላይ በቀኝ ይከማቻሉ፤ ዘር ብቻውን መስመሩን ይሠራዋል። ማታውኑ በዘርና ከወለዱ በሆናቸው ወር ለይተህ በየቀለሙ አውጣው።

አስቴር፦ ቆይ፣ መኖ ወተት አይጨምርም ልትሉን ነው? በዓይኔ ያየሁትን!

ሐኪሙ፦ ይጨምራል እትዬ። ስንት እንደሚጨምር ግን ከዚህ መስመር አይነበብም። ለማወቅ፣ ከወለዱ ተቀራራቢ ጊዜ የሆናቸውን ድቅሎች በዕጣ ለሁለት መክፈል ነው። ለግማሾቹ ቀስ በቀስ 2 ኪሎ ይጨመር፣ የቀሩት እንደነበሩ ይቆዩ። ሆዳቸው እስኪለምድ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት አትቁጠሩ። ዕጣው የግድ ነው፤ አርቢው ልምረጥ ካለ ጎበዟን ይመርጣል። ያልተጨመረላቸውም ያስፈልጋሉ፤ ላም ከወለደች ሁለት ወር ገደማ ካለፋት በኋላ ወተቷ በራሱ እየቀነሰ ስለሚሄድ፣ ያለነሱ መኖው የጨመረውን ለይታችሁ አታዩትም።

ሰንዳፋ፦ ጎረቤቴ ፉርሽካውን በአንዴ አብዝቶባት ላሚቱ መብላት አቁማ፣ ተቅማጥ ይዟት ነበር። ድርቆሹ አይጉደል።

የሱሉልታ ልጅ፦ በዘር ለየሁት። ድቅሎቹ ብቻቸውን 0.41 ሆኑ፣ ያበሾቹ ነጥብ ዝም ብሎ ተበትኗል። የወለዱበትን ቀን ግን አልመዘገብኩም። ለነገ ምን ልበል?

ሐኪሙ፦ 4 ሊትሩን ሰርዘው። «ብዙ ለሚታለቡት ብዙ ይሰፈርላቸዋል» በል፤ ግራፉ የሚለው እሱን ነው። ከዚያ የዕጣውን ሙከራ አቅርብላቸው፣ ላም የሚያወጣ አባል አይጠፋም።

ገላን፦ 0.41ም እኮ ዝምድና ነው። ይቺ የቀረችውስ ከመኖው አይደለችም?