የጋራ ፕሮፖዛል ክፍል 3፦ C ከመቀየራችን በፊት ምን እንለካ? (የዕቅድ ውይይት)

አስተባባሪ
ሰላም ለሁላችሁም። ፕሮፖዛሉ ላይ የቀረን ይህ ክፍል ነው፤ ኢፓኔት በተባለው የውሃ መስመር ማስያ ፕሮግራም የሠራነውን ሞዴል በመስክ በለካነው ግፊት እንዴት ካሊብሬት እናደርጋለን የሚለው። አሁን ረቂቁ ላይ ያለው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ «ሞዴሉ የሚያወጣው ግፊት ከተለካው ጋር እስኪቀራረብ የቧንቧዎች C፣ ማለትም የውስጥ ልስላሴ ቁጥር፣ ይስተካከላል።» ይህ ይበቃል ወይ?

በባዶ እንዳንከራከር ከሙከራ ዞኑ አንድ መስመር ይዤ መጥቻለሁ። ከታንከሩ እስከ ጫፉ ኖድ J14 ድረስ 800 ሜትር ካስት አይረን ነው። ውስጣዊ ዲያሜትሩ 150 ሚሊ ሜትር ተብሎ ተመዝግቧል፣ ሞዴሉ ላይ C 120 ነው። ፍጆታ በሚበዛበት ሰዓት 8 ሊትር በሰከንድ ይሄድበታል፣ ሌሊት 2 ገደማ። J14 ላይ የተለካው ግፊት በሜትር ይኸው፣ ሰዓቱ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ የተቆጠረ ነው፦

```
J14  3:00  52.1
J14  7:00  45.0
```

ሞዴሉ ደግሞ በ3:00 52.5 ሜትር፣ በ7:00 51.0 ሜትር ነው የሚለው። ማለትም ሌሊት 0.4 ሜትር፣ ጠዋት 6 ሜትር ልዩነት አለ። ሐሳባችሁን ጣሉ።

ሞዴለር
እኔ ረቂቁ ይበቃል ባይ ነኝ። ፋይሉን በ Project > Calibration Data አስገብቼ C እየቀነስኩ ሞከርኩት። 52 ላይ ሁለቱም ሰዓት ገጠሙ፣ የሌሊቱም የጠዋቱም። ቧንቧው አሮጌ ብረት ስለሆነ ውስጡ ዝጎ ጠቧል ማለት ነው፤ 52 ለእንዲህ ያለ ቧንቧ የማይታመን ቁጥር አይደለም። መስመሩን በ«ይቀየር» ዝርዝር ውስጥ እናስገባው።

የመስመር ሰው
ወንድሜ፣ ስሌትህ ልክ ነው፤ እኔም ሠርቼው 52 ነው የሚመጣልኝ። ድምዳሜህ ላይ ግን አልስማማም። ሞዴሉ ገጠመ ማለት ምክንያቱን አገኘነው ማለት አይደለም።

በ C 120 ይህ መስመር በ8 ሊትር የሚያባክነው ግፊት 1.6 ሜትር ብቻ ነው። እኛ የለካነው ብክነት 7.6 ነው። ትርፏን 6 ሜትር በሌላ መንገድም ማምጣት ይቻላል። መስመሩ ላይ ያለው ጌት ቫልቭ አንድ ጊዜ ለጥገና ተዘግቶ ሙሉ በሙሉ ሳይከፈት ቀርቶ ከሆነስ? የቧንቧውን C በ120 ትተህ Loss Coeff ላይ 570 አካባቢ ጻፍና አሂደው፤ 7:00 ላይ ያው 45.0 ይሰጥሃል። ሙሉ በሙሉ የተከፈተ ጌት ቫልቭ 0.2 ነው፣ ስለዚህ 570 ሊዘጋ ጥቂት የቀረው ቫልቭ ነው። ሌሊትም ልዩነቱ 0.4 አካባቢ ይወጣል። ሁለቱም ታሪክ ያንኑ ንባብ ያብራራል። በአንዱ 800 ሜትር ቧንቧ ቆፍረን እንቀይራለን፣ በሌላው ቁልፍ ይዘን ሄደን ቫልቭ እንከፍታለን። ይህን ልዩነት J14 ላይ ብቻ ቆመን ማወቅ አንችልም፤ ረቂቁ ደግሞ ከዚህ በላይ እንድንሄድ አያስገድደንም።

ሞዴለር
ታዲያ ሃይድራንት ከፍተን ፍሰቱን ብንጨምረውስ? ፍሰት ሲጨምር ሁለቱ ይለያያሉ፤ የቧንቧው ብክነት በ Q^1.852 ነው የሚያድገው፣ የቫልቩ በ Q^2።

የመስመር ሰው
በመርህ ደረጃ ይለያያሉ። ግን አስላው። ከJ14 አጠገብ 7 ሊትር ብንለቅ መስመሩ ላይ 15 ይሄዳል። የዝገቱ ታሪክ እውነት ከሆነ ብክነቱ 24 ሜትር ይሆናል፣ የቫልቩ ከሆነ 26። ሁለት ሜትር ነው የምናገኘው። እሱንም በፍሰቱ ግምት ላይ ያለን ስህተት ይበላዋል፤ 15 ያልነው 14 ወይም 16 ቢሆን ውጤቱ ከሁለት ሜትር በላይ ይወዛወዛል። ሃይድራንት መክፈት ጥሩ ነው፣ በፕሮፖዛሉም ይግባ፣ ምክንያቱም ሌሊት በ2 ሊትር ብቻ C 120 ይሁን 80 መለየት አይቻልም፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት 15 ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም፣ ጌጁ አይቶም አያውቀው። ግን ዝገትንና ቫልቭን አይለይልንም።

የሚለየው ቦታ ነው። ዝገት ብክነቱን በ800 ሜትሩ ላይ እየበተነ ይሄዳል። ቫልቭ አንድ ቦታ ላይ ይጥለዋል። በፕላኑ መሠረት ቫልቩ ከታንከሩ 300 ሜትር ላይ ነው። ከቫልቩ በፊትና በኋላ ግፊት እንለካ። ዝገት ከሆነ በሁለቱ ንባቦች መካከል ልዩነት የለም ማለት ይቻላል፣ ከታንከሩ እስከዚያ ድረስ ግን 2.9 ሜትር ገደማ ጠፍቶ እናገኛለን። ቫልቭ ከሆነ እስከዚያ የጠፋው 0.6 ሜትር ብቻ ነው፣ ቫልቩ ላይ ግን በአንድ ጊዜ 6 ሜትር ይወድቃል። ለዚህ ሃይድራንትም አያስፈልግም፤ የጠዋቱ ፍሰት ይበቃል።

አዲሷ ኢንጂነር
ጋሼ አንድ ጥያቄ አለኝ። ከJ14 በታች ትልቅ ፍንዳታ ኖሮ ውሃ እየፈሰሰ ከሆነስ? ሞዴሉ 8 ይላል እንጂ 8 መሆኑን በሜትር አልለካንም። 18.4 ሊትር እየሄደ ከሆነ በ C 120ም 7.6 ሜትር ይጠፋል፤ አስልቼዋለሁ።

የመስመር ሰው
ጎበዝ፣ ይህን ጥያቄ ማንም አላነሳውም ነበር። ሌሊቱ ግን ይመልሰዋል። ፍንዳታ ሌሊት አይተኛም። 10 ሊትር የሚፈስ ቢኖር በ3:00 መስመሩ ላይ 12 ሊትር ይሄድ ነበር፣ ብክነቱም 3.4 ሜትር ይሆን ነበር። ግፊት ሌሊት ከፍ ስለሚል እንዲያውም የሚፈሰው ይብሳል። የለካነው ልዩነት 0.4 ነው። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ የሚፈስ ነገር አይደለም። ጠዋት ብቻ የሚወስድ ያልመዘገብነው ትልቅ ተጠቃሚ ግን ሊኖር ይችላል፣ እሱን የሌሊቱ ንባብ አያወጣልንም። ከታንከሩ መውጫ ላይ የፍሰት ሜትር እንዲኖር የምለው ለዚህ ነው።

የጉድጓድ ውሃ
እኔ ጋ ያለው ከዚህ ይከፋል። እኛ ውሃ በፈረቃ ነው የምንለቀው፣ ኢፓኔት ደግሞ ጫፍ ላይ ያሉትን ኖዶች ኔጋቲቭ ግፊት ያደርጋቸዋል። C አነሳሁ፣ ዝቅ አደረግሁ፣ ምንም ለውጥ የለም። ለዚህስ ፕሮፖዛሉ ምን መፍትሔ አለው?

አዲሷ ኢንጂነር
የእርስዎ ችግር የC አይመስለኝም። ሞዴሉ ግፊት ኖረም አልኖረም ፍጆታውን ሙሉ በሙሉ ለመስጠት ስለሚገደድ ነው ኔጋቲቭ የሚወጣው። ከኢፓኔት 2.2 ጀምሮ በ [OPTIONS] ሥር ይህን ማስገባት ይቻላል፦

```
DEMAND MODEL       PDA
MINIMUM PRESSURE   0
REQUIRED PRESSURE  15
PRESSURE EXPONENT  0.5
```

15ቱ ምሳሌ ነው፣ በእርስዎ መስመር ይተኩት። ያኔ ግፊት ሲያንስ የሚሰጠውም ውሃ አብሮ ይቀንሳል።

የመስመር ሰው
ልክ ብላለች። ግን ይህም ቢሆን ቧንቧው ሁልጊዜ ሞልቶ እንደሚሄድ ነው የሚያስበው። ባዶ መስመር ሲሞላ ያለውን ሰዓት ኢፓኔት አያውቀውም። በፈረቃ የሚሠራ መስመር ላይ ንባብ መውሰድ ያለብን መስመሩ ሞልቶ ከረጋ በኋላ ነው። ይህ ለብቻው አንድ ንዑስ ክፍል ያስፈልገዋል፤ እዚህ አንጨርሰውም።

የመስክ ቴክኒሻን
ቢሮ ያላችሁ ሁሉ 0.4 ሜትር እያላችሁ በደንብ ትከራከራላችሁ፣ ግን የJ14 ከፍታ ከየት ነው የመጣው? ከሳተላይት ካርታ ከሆነ ስህተቱ ብዙ ሜትር ሊሆን ይችላል። የአንድ ሜትር ከፍታ ስህተት የአንድ ሜትር ግፊት ስህተት ነው፣ ያለ ቅናሽ። ሌላው ደግሞ፣ እናንተ የመሬቱን ከፍታ ትጽፋላችሁ፣ እኔ ሎገሩን የማስረው ማንሆሉ ውስጥ ከአንድ ሜትር በታች ነው። ጌጁ ያለበት ከፍታ ነው መጻፍ ያለበት። እና እባካችሁ ሎገሮቹን ከመበተናችን በፊት አንድ ቧንቧ ላይ ጎን ለጎን እናስራቸው፤ ስንመልሳቸውም እንደዚሁ። አንዱ ከሌሎቹ ግማሽ ሜትር ዝቅ የሚል ከሆነ ያኔ ይታወቃል። ሰዓታቸውም አብሮ ይስተካከል። ፍጆታ በፍጥነት በሚወጣበት ሰዓት ግማሽ ሰዓት የተዛባ ሎገር ሞዴሉን ያለ ጥፋቱ ያስወቅሰዋል።

አስተባባሪ
የJ14 ከፍታ በሌቭሊንግ ነው የተወሰደው፣ አረጋግጫለሁ። የሌሎቹን ኖዶች ግን አላውቅም።

የመስመር ሰው
የቴክኒሻኑ ነጥብ ከሁሉም በፊት መግባት አለበት። የሌሊቱን ንባብ የምፈልገውም ለዚሁ ነው። ፍሰት ከሌለ ማለት ይቻላል፣ ብክነትም የለም፤ ያኔ የሚታይ ልዩነት ከከፍታ፣ ከጌጅ ወይም ከታንከሩ የውሃ ደረጃ ነው የሚመጣው። ልዩነቱ ሌሊትም ቀንም እኩል 6 ሜትር ቢሆን ኖሮ C መንካት ፍጹም ስህተት ይሆን ነበር። የእኛው ሌሊት ትንሽ፣ ጠዋት ትልቅ ነው። ስለዚህ ብክነት ነው፣ የት እንዳለ ነው ያልታወቀው።

ሞዴለር
ገባኝ፣ ቫልቩን አስቀድመን እንይ። ግን ሁለቱም ቢሆንስ? ቫልቩ ላይ 3 ሜትር ብቻ ቢወድቅ?

የመስመር ሰው
ያኔ ሦስቱን ለቫልቩ እንሰጣለን። የቀረውን ለC፣ ግን ለዚህ ቧንቧ ብቻ ሳይሆን በተመሳሳይ ዘመን ለተቀበሩት ካስት አይረኖች ሁሉ በቡድን። እያንዳንዱን ቧንቧ ለየብቻ ካስተካከልን በጥቂት ንባብ ብዙ ቁጥር እየፈለግን ነው፤ ሁሉም ነገር ይገጥማል፣ ትርጉም ግን አይኖረውም። ቫልቩም ንጹህ ሆኖ ብክነቱ ተበትኖ ከተገኘ ደግሞ ዲያሜትሩን ተጠራጠር። 109 ሚሊ ሜትር ቢሆን በ C 120 ያንኑ 7.6 ሜትር ይሰጣል። መዝገብ ይሳሳታል። ለጥገና ሲቆረጥ የቧንቧውን ውስጥ ለክቶ መጻፍ ነው።

አስተባባሪ
እሺ፣ ረቂቁን እንዲህ ቀይሬዋለሁ፦

«ጌጆች አስቀድመው ጎን ለጎን ይነጻጸራሉ፣ ያሉበት ከፍታ በሌቭሊንግ ይወሰዳል። ንባብ ሌሊት፣ ፍጆታ በሚበዛበት ሰዓትና ሃይድራንት ተከፍቶ ይወሰዳል፤ የዞኑ መግቢያ ፍሰት አብሮ ይለካል። የሌሊቱ ልዩነት ሳይፈታ C አይነካም። C ከመቀየሩ በፊት በመስመሩ ላይ ያሉ ቫልቮች በፊትና በኋላ ግፊታቸው ይለካል። C የሚቀየረው በቧንቧ ዓይነትና ዕድሜ በቡድን ነው። ሃይድራንት የተከፈተበት ቀን ንባብ ለማስተካከያ ሳይሆን ለማረጋገጫ ይቀመጣል።»

ሞዴለር
በመጨረሻው ላይ አልስማማም። ብዙ መረጃ ያለው ያ ቀን ነው፤ እሱን ለማረጋገጫ ካስቀመጥነው C በደካማ ንባብ ነው የሚወሰነው። ሁለት ቦታ ሃይድራንት ከፍተን አንዱን ለማስተካከያ፣ ሌላውን ለማረጋገጫ እናድርግ።

የመስመር ሰው
ይህኛው ከእኔ ሐሳብ ይሻላል። ይግባ።

አዲሷ ኢንጂነር
«ይቀራረብ» የሚለው ቃልስ? ስንት ሜትር ልዩነት ሲቀር ነው የምናቆመው?

የመስመር ሰው
እኔ በሜትር አንድ ቁጥር መጻፍ አልፈልግም። ልዩነቱ ከጠቅላላ ብክነቱ ጋር ነው መታየት ያለበት። 1.6 ሜትር በሚባክንበት መስመር ላይ አንድ ሜትር መሳሳት ብዙ ነው፣ 24 በሚባክንበት ላይ ምንም አይደለም።

ሞዴለር
ቁጥር ከሌለው ግን ሥራውን የሚረከበው ሰው በምን ይመዝነዋል? አንድ ቁጥር ይቀመጥ።

አስተባባሪ
ይህ ክፍት ይቆይ፤ ሁለታችሁም አንዳንድ አንቀጽ ጽፋችሁ ላኩ። የቫልቩን ማንሆል ግን ማን ያስከፍታል?

የመስክ ቴክኒሻን
እኔ አለሁ። ከቫልቩ በፊት ጌጅ የሚታሰርበት መውጫ አለ፣ በኋላ ግን የለም። ቀጥሎ የሚገኘው 40 ሜትር ወርዶ ያለው የአየር ቫልቭ ነው፣ እሱ ላይ ማሰር እችላለሁ። የ40 ሜትሩን ብክነትና የሁለቱን ጌጆች የከፍታ ልዩነት እናንተ ቀንሱ።

የመስመር ሰው
ዝገት ቢሆን እንኳ በ40 ሜትር 0.4 ሜትር ነው፣ ከ6 ጋር አይምታታም። እሰረው።