«ነች» እና «ነበርሁ» ኤክስ ይገባቸዋል?

የቢቸናዋ እናት፦ እንደምን ዋላችሁ። ልጄ 4ኛ ክፍል ነች። አማርኛ ፈተና ላይ «እህቴ ነርስ ነች» እና «ትናንት ታምሜ ነበርሁ» ብላ ጻፈች። ሁለቱም ኤክስ ሆኑ። አስተማሪዋ «ናት» እና «ነበርኩ» ብለሽ አርሚ አሏት። እኔ ራሴ ልጅቷ እንደጻፈችው ነው የማወራው። እውነት ስህተት ነው?

የደጀኑ ባንክ ሠራተኛ፦ አስተማሪዋ ልክ ናቸው። «ነው» እንደ ሌላ ግስ አይረባም። እስቲ «ሰማኝ፣ ሰማህ፣ ሰማሽ፣ ሰማው፣ ሰማት» በሉ። ቀጥሎ «ነኝ፣ ነህ፣ ነሽ፣ ነው» በሉ። ጅራቱ አንድ ነው። ለሴት ሲሆን «ት» ነው የሚመጣው። «ች» ከየት መጣ? «ነበርሁ» ደግሞ የገጠር አነጋገር ነው። ቤት ውስጥ ይባል፣ ፈተና ላይ ግን አይጻፍም።

የፍኖተ ሰላሙ ነጋዴ፦ እኔን ከሁሉም በላይ የሚያናድደኝ «ነው»ን «ነዉ» ብለው ሲጽፉ ነው። ሱቄ ፊት ያለው ማስታወቂያ እንኳ «ቅናሽ ነዉ» ይላል። ሳድሱ «ው» እያለ ካዕቡን ምን አመጣው? ኤክስ የሚገባው ለዚህ ነው።

የቢቸናዋ እናት፦ ወንድሜ፣ እሱ የፊደል ጉዳይ ነው። የልጄ ፊደል አልተነካም።

ጡረተኛው መምህር፣ ደብረ ማርቆስ፦ የባንኩ ልጄ፣ ስለ ጅራቱ ያልኸው ልክ ነው። ብዙ ሰው አያስተውለውም። ግን ግማሽ መንገድ ላይ ቆምህ።

ያ ጅራት የሚሠራው በአሁኑ ብቻ ነው። አሉታውን እይ፦ አይደለሁም፣ አይደለህም፣ አይደለሽም፣ አይደለም፣ አይደለችም። «አይደላትም» የሚል ሰምተህ ታውቃለህ? ያለፈውንም እይ። «እህቴ ነርስ ነበረች» እንላለን። አንተ ባልኸው ጅራት እንሂድ ካልን «እህቴ ነርስ ነበራት» ሊሆን ነው። ያ ደግሞ ሌላ ወሬ ነው። እህቴ ራሷ ነርስ መሆኗ ይቀርና የምታክማት ነርስ ነበረቻት ማለት ይሆናል።

ስለዚህ «ች» ከየት መጣ ላልኸው፣ ከጎረቤቶቹ ነው የመጣው። «ነበረች» እና «አይደለችም» ሁለቱም «ች» አላቸው። ለብቻዋ የቀረችው «ናት» ናት። ተናጋሪው እሷንም ከሁለቱ ጋር አመሳሰላትና «ነች» አለ። ማመሳሰሉ ግን እዚያው ቆመ። ስለ ራሱ ሲናገር «ነኝ» ትቶ «ነሁ» ያለ ሰው አልሰማሁም። ለእኔ «ናት» ቀዳሚዋ ናት፣ «ነች» ተከታይ። ኤክስ ግን አይገባትም።

የደጀኑ ባንክ ሠራተኛ፦ «ነበራት» ላይ ያሉትን አላሰብሁትም ነበር፣ ጋሼ። እሱን እቀበላለሁ። «ነበርሁ» ላይ ግን አልተመለሰልኝም።

ዲያቆኑ፣ ሞጣ፦ እሱ ላይ እኔም ከአስተማሪዋ ጋር ነኝ። ግዕዙ «ነበርኩ» ነው የሚለው። ተቀመጥሁ ወይም ኖርሁ ማለት ነው። መሠረቱ «ኩ» ከሆነ «ሁ» የተበላሸ ነው።

ጡረተኛው መምህር፣ ደብረ ማርቆስ፦ ግዕዙን ልክ ብለሃል። እንግዲያውስ እስከ መጨረሻው አብረን እንሂድ። ግዕዝ «ሰማዕኩ» ይላል፣ «በላዕኩ» ይላል። አንተ ግን ስትናገር «ሰማሁ፣ በላሁ» ነው የምትል። አዲስ አበቤውም እንደዚያው ነው። ግዕዝ ዳኛ ከሆነ «ሰማሁ» የጻፈም ሁሉ ኤክስ ይግባው?

ነገሩ የገጠርና የከተማ አይደለም። ከጅራቱ በፊት ያለውን ድምፅ ስማ። «አለሁ» ውስጥ «ለ» ግዕዝ ናት፣ አናባቢ አላት። «አይደለሁም» ውስጥም እንደዚያው። እዚህ ላይ «አለኩ» ወይም «አይደለኩም» የሚል የለም። «ነበር» ውስጥ ግን «ር» ሳድስ ሆና ትቆማለች። የአዲስ አበባው አነጋገር እዚህ ጋ ሲደርስ «ኩ» ያስገባል፤ «ነበርኩ፣ ሄድኩ»። የእኛው በሁለቱም ቦታ «ሁ» ይላል። «ነበርኩ» የሚለው ሰው ራሱ «አይደለሁም» ሲል «ሁ» ነው ያለው። ለወንድ ስንናገርም ያው ነው። እሱ «ነበርክ» ይላል፣ እኛ «ነበርህ»። «ጎበዝ ነህ» እና «ጎበዝ አይደለህም» ስንል ግን እሱም እኛም አንድ ነን።

የልጅቷ «ነበርሁ» እንግዲህ ከ«አይደለሁም» ጋር አንድ ጅራት ይዞ ነው የሄደ። ኤክስ ያደረጉት አስተማሪ በምን ሕግ እንደሆነ ሊነግሯት ይገባል።

የእንጅባራው ልጅ፦ የኔን ልንገራችሁ። አፌን የፈታሁት በአዊኛ ነው። አማርኛን የያዝሁት ትምህርት ቤት ነው። እኔ ኤክስ የበዛብኝ ናትና ነች ላይ አይደለም። «ነህ» ከሆነ አሉታው «አልነህም» ይመስለኝ ነበር። «ሄድህ፣ አልሄድህም» ይባል የለ? «አይደለህም» ከየት እንደመጣ አልገባኝም። «ደለ» የሚል ቃል ብቻውን ፈልጌ አጣሁ። ሌላ ጊዜ ደግሞ «ተማሪ ስለነኝ» ብዬ ጻፍሁ። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። እስካሁን አይረሳኝም።

ጡረተኛው መምህር፣ ደብረ ማርቆስ፦ የሳቁት ተሳስተዋል ልጄ። አንተ ሕግ ተከትለህ ነው የሄድህ፣ ቃሉ ነው ያልታዘዘህ። «ደለ» ብቻውን የለም። ከ«አይ» ጋር ተጣብቆ ብቻ ነው የሚኖር። «ነው» ደግሞ ፊቱ ላይ ምንም አያስቀጥልም። ስለ፣ ከ፣ የ ሲመጡ ቦታውን ለ«ሆነ» ይለቃል፤ «ተማሪ ስለሆንሁ፣ ተማሪ ከሆንህ፣ ተማሪ የሆነ»። አሉታውም «ተማሪ ስላልሆንሁ» ነው። ያለፈው ግን አይቸገርም፤ «ተማሪ ስለነበርሁ»። ያንጊዜ ይህን የነገረህ ቢኖር አትሸማቀቅም ነበር።

የባሕር ዳሯ አስተማሪ፦ እኔም አማርኛ አስተምራለሁ። ጋሼ ያሉትን አልቃወምም። ግን 68 ደብተር ፊቴ ተቆልሏል። አንድ ልጅ አንድ ገጽ ላይ «ነበርሁ»፣ «ነበርኩ»፣ «ሄድሁ»፣ «ሄድክ» ደባልቆ ይጽፍልኛል። አንዱን መልክ ካልያዝሁ በምን አርመዋለሁ? ልጆቹ ነገ ሌላ ክልል ሄደው ይማራሉ። እዚያ የሚያርማቸው ሰው «ነበርሁ»ን ላይለምደው ይችላል።

ጡረተኛው መምህር፣ ደብረ ማርቆስ፦ መደባለቁን አርሚ፣ አንዱን ያዝ በይው። ያን ጊዜ ቀይ እስክሪብቶሽ ሥራ አለው። «ነበርሁ» ብሎ ጀምሮ «ነበርሁ» ብሎ የጨረሰውን ግን አትንኪው።

የባሕር ዳሯ አስተማሪ፦ ፈተናው ዓረፍተ ነገሩን አንድ በአንድ ነው የሚጠይቀው ጋሼ። መደባለቁ በምን ይታየኛል? እዚህ ላይ አልተስማማንም።

የደጀኑ ባንክ ሠራተኛ፦ እኔም አልለቀቅሁም። ለጽሑፍ አንድ መልክ ያስፈልጋል ባይ ነኝ። የትኛው ይሁን የሚለው ላይ ግን እንደ ጠዋቱ እርግጠኛ አይደለሁም።

የቢቸናዋ እናት፦ አሁን ደብተሯን ከፍቼ አየሁት። «ነበርሁ» አራት ቦታ አለ፣ «አልነበርሁም» አንድ። «ነበርኩ» ከእርማቱ በቀር የለም። ሰኞ ደብተሩን ይዤ እሄዳለሁ። የ«ነበርሁ»ን ኤክስ እንዲያነሱላት እለምናለሁ። የ«ነች»ን አልጠይቅም። ማታ እናቴን ጠይቄያት ነበር፤ እሷም «ናት» ነው ያለችኝ።