የናቲ መኪና ኢንሹራንስ በማን ስም ይሁን?

የናቲ እናት፣ ለንደን

ሰላም ለሁላችሁ። የምትነዱ ሰዎች አማክሩኝ። ልጄ ናቲ 19 ዓመቱ ነው። መንጃ ፈቃድ ካወጣ አራት ወሩ ነው። ኮቨንትሪ ዩኒቨርሲቲ ስለገባ አንድ ያገለገለች ኮርሳ ገዛንለት። መኪናዋ እዚያው እሱ ጋ ነው የምትቆመው።

ኢንሹራንስ ኢንተርኔት ላይ ሳወዳድር ደነገጥኩ። በእሱ ስም ብቻውን 2,480 ፓውንድ። እኔን ተጨማሪ ሹፌር አድርጌ ስሞክር 2,160። ከዚያ ገልብጬ እኔን ዋና ሹፌር፣ እሱን ተጨማሪ ሳደርግ 1,080 አለኝ! መኪናዋ ያው፣ ልጁም ያው። እኔ የራሴ ያሪስ አለኝ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ካሳ የጠየቅኩበት ክሌም የለብኝም። በእኔ ስም ባደርገው ምን ችግር አለው? ጎረቤቴ እንደዚያ ነው ያደረገችው።

ዳዊት፣ ሊድስ

እህቴ፣ ምንም ችግር የለውም። የመኪናውን የምዝገባ ወረቀት፣ ሎግቡኩን፣ በስምሽ አድርጊው። መኪናው ያንቺ ከሆነ ዋና ሹፌር አንቺ ነሽ። ልጁም ውሉ ላይ ስሙ እስካለ ድረስ ኢንሹራንስ አለው፣ ፖሊስ ቢያስቆመው እንኳ ሲስተሙ ላይ ይታያል። ሴት ልጅ ብትሆን ደግሞ ከዚህም ይረክስልሽ ነበር። እዚህ ሁሉም ሰው የሚያደርገው ነው።

ሂሩት፣ በርሚንግሃም

የናቲ እናት፣ እባክሽ ገንዘቡን ከመክፈልሽ በፊት ይህን አንብቢ። ዘጠኝ ዓመት የክሌም ክፍል ውስጥ ሠርቻለሁ። ይህ ነገር ስም አለው፣ ፍሮንቲንግ ይባላል። መኪናውን በአብዛኛው የሚነዳው አንድ ሰው ሆኖ ሳለ፣ ዋጋ ለማውረድ ሌላውን ዋና ሹፌር ነው ብሎ ማስመዝገብ ማለት ነው። እንደ ማጭበርበር ነው የሚታየው።

ዳዊት፣ ግማሹን ልክ ነህ። ፖሊስ ታርጋውን ሲያይ ኢንሹራንስ አለው ይላል። ችግሩ የሚመጣው መንገድ ላይ ሳይሆን አደጋ ሲደርስ ነው። ሎግቡክ ግን ከዚህ ጋር አይገናኝም። ሎግቡክ የተመዘገበውን ያዥ ነው የሚያሳየው። ባለቤትነት ሌላ ጥያቄ ነው፣ ዋና ሹፌር ማነው የሚለውም ሌላ። መኪናው በእናት ስም ሆኖ ዋና ሹፌሩ ልጁ ሊሆን ይችላል፣ እንደዚያ ብሎ ማስመዝገብም ይቻላል። የሴት ልጁም ነገር ድሮ ነበር። በፈረንጆች አቆጣጠር ከታኅሣሥ 2012 ወዲህ በፆታ ዋጋ መለየት አይፈቀድም።

ዋጋው ለምን እንደዚህ ተራራቀ ላልሽው፣ ብዙ ሰው ኢንሹራንስ የሚከፈለው ለኮርሳዋ ይመስለዋል። ኮርሳዋማ ብትጠፋ ጥቂት ሺህ ፓውንድ ናት። ኩባንያውን የሚያስፈራው የሌላ ሰው አካል ነው። እዚህ አገር በሕግ፣ ሹፌሩ ሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው የአካል ጉዳት ኢንሹራንሱ ጣሪያ የለውም። አንድ ወጣት ሦስት ጓደኞቹን ጭኖ ሌሊት ቢጋጭ፣ ከመካከላቸው አንዱ ዕድሜ ልኩን ተንከባካቢ ቢያስፈልገው፣ ሒሳቡ በሚሊዮን ይቆጠራል። ለዚህ ነው ርካሽ መኪና ገዝቶ ርካሽ ኢንሹራንስ የማይገኘው። ዕድሜው አንድ ነገር ነው፣ መንጃ ፈቃዱን የያዘበት ጊዜ ደግሞ ሌላ። ናቲ ሁለቱም ላይ መጀመሪያው ላይ ነው።

ጋሽ ታደሰ፣ ማንቸስተር

ስለ ልምድ ካነሳችሁ እኔም ልናገር። አዲስ አበባ 14 ዓመት ነድቻለሁ፣ አንድም ሰው ገጭቼ አላውቅም። እዚህ መጥቼ ዓመት ካለፈኝ በኋላ በኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ መንዳት አይቻልም ተባልኩ። ተፈትኜ አለፍኩ። አሁን 46 ዓመቴ ነው፣ ኢንሹራንሱ ግን እንደ ጀማሪ ነው የሚቆጥረኝ። ይህ ፍትሕ ነው? የእህቴን ባል ዋና ሹፌር አድርጌ ባስመዘግብስ?

ሂሩት፣ በርሚንግሃም

ጋሽ ታደሰ፣ ቅሬታዎ ይገባኛል፣ ግን የመጨረሻውን አያድርጉት። ያው ፍሮንቲንግ ነው፣ ለወጣት ብቻ የሚሆን ነገር አይደለም።

አብዛኞቹ ኩባንያዎች የሚቆጥሩት የእንግሊዝ ፈቃድዎን ካገኙበት ቀን ነው። የአዲስ አበባውን 14 ዓመት ማጣራት አይችሉም፣ መንዳቱም በቀኝ በኩል ነበር። ጥቂቶቹ ግን ውጭ አገር የነዱበትን ዘመን ይጠይቃሉ፣ ግምት ውስጥም ያስገባሉ። ይህንን ማወዳደሪያ ድረ ገጽ ላይ አብዛኛውን ጊዜ አያገኙትም። ብሮከር ጋ ደውለው "የውጭ አገር ልምድ የሚቆጥር አለ ወይ?" ብለው ይጠይቁ። ዕድሜዎም ይረዳዎታል። በ46 ዓመቱ ፈቃድ ያወጣ ሰው በ19 ዓመቱ ካወጣው ያነሰ ነው የሚከፍለው። አንድ ዓመት ያለ ክሌም ካለፈ በኋላም ሲያድሱ ልዩነቱን ያዩታል።

ሳሙኤል፣ ለንደን

የናቲ እናት፣ እኛ ቤት የደረሰውን ልንገርሽ። ወንድሜ 20 ዓመቱ ነበር፣ አባቴ ዋና ሹፌር ተብሎ ተመዘገበ። ወንድሜ ማክሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ ሲሄድ የቆመ መኪና ገጨ። ሰው አልተጎዳም። ከኢንሹራንሱ ስልክ የደወለችው ሴትዮ በጣም ጥሩ ሰው ትመስል ነበር። ወዴት እየሄደ ነበር? በየስንት ቀኑ ይሄዳል? መኪናው ማታ የት ያድራል? ሁለተኛው ቁልፍ ማን ጋ ነው? አባቴ የመኪናውን ቀለም እንኳ በትክክል አልመለሰም። ወንድሜም እውነቱን ተናገረ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ደብዳቤ መጣ፦ ውሉ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንዳልነበረ ይቆጠራል፣ የከፈላችሁትም አይመለስም። የእኛ መኪና አልተሠራም። የተገጨውን ሰው መኪና ግን ከፈሉለትና 4,200 ፓውንድ ከአባቴ ጠየቁ። በወር በወር ነው የከፈልነው።

ከሁሉ የከፋው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ኢንሹራንስ ለመግዛት በገባህ ቁጥር "ውል ተሰርዞብህ ያውቃል?" ይሉሃል። አዎ ማለት ግዴታ ነው። አባቴ 22 ዓመት ያለ ምንም ችግር የነዳ ሰው ነው፣ አሁን ዋጋ የሚሰጡት ሁለት ኩባንያዎች ብቻ ናቸው።

የናቲ እናት፣ ለንደን

ሳሙኤል፣ እግዚአብሔር ያቅልላችሁ። ሂሩት፣ አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ። እኔ አላወቅኩም ነበር ብል አይረዱኝም? ደግሞም ናቲ ቅዳሜና እሁድ ሲመጣ እኔም እነዳታለሁ።

ሂሩት፣ በርሚንግሃም

ኢንሹራንስ ሲገዛ ስለሚሰጥ መልስ ያለው ሕግ በፈረንጆች 2012 የወጣ ነው፣ ሁለት ዓይነት ስህተትን ይለያል። አንዱ ጥንቃቄ ማጣት ነው። ሌላው ሆን ብሎ፣ ወይም እውነት ይሁን አይሁን ግድ ሳይሰጥ የተነገረ ነው። ሆን ብለሽ ነው የሚለውን ማስረዳት ያለበት ኩባንያው ነው።

በአንቺ ቁጥር ላሳይሽ። ትክክለኛው ዋጋ 2,160 ሆኖ 1,080 ከፈልሽ እንበል። ግማሹን ማለት ነው። የኮርሳዋ ጉዳት 5,000 ፓውንድ ቢሆንና ጥንቃቄ ማጣት ነው ቢባል፣ በከፈልሽው ልክ ግማሹን፣ 2,500 ሊሰጡሽ ይችላሉ። ሆን ተብሎ ነው ከተባለ ግን ምንም የለም። የሳሙኤል ቤት የደረሰው ይህኛው ነው።

አንቺ ደግሞ "አላወቅኩም" ማለት ይከብድሻል። በአንድ ማታ መጀመሪያ ናቲን፣ ከዚያ ራስሽን ዋና ሹፌር አድርገሽ ዋጋ ጠይቀሻል። ያ ሁሉ ይመዘገባል፣ እኛም ክሌም ሲመጣ እናየዋለን። የራስሽ ያሪስ አለሽ፣ ስለዚህ አንድ ሹፌር ሁለት መኪና በዋናነት ትነዳለች ማለት ነው። ስድስት ዓመት ያለ ክሌም ስለነዳሽ የምታገኚው ቅናሽ፣ ኖ ክሌም ቦነሱም፣ ያሪስሽ ላይ ስለሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛ መኪና ላይ አይሠራም። ኮርሳዋ ደግሞ ኮቨንትሪ ነው የምታድረው። የማደሪያዋን ፖስትኮድ ለንደን ብለሽ ከሆነ ያም ሌላ ስህተት ነው።

ስለ ናቲ ፈቃድም አስቢ። ውሉ ተሰርዞ ፖሊስ ያለ ኢንሹራንስ ነድቷል ብሎ ከከሰሰው ቢያንስ 6 የቅጣት ነጥብ ነው። ፈቃድ ባወጣ በሁለት ዓመት ውስጥ 6 ነጥብ የደረሰበት ሰው ፈቃዱ ይሰረዛል፣ ከቲዎሪ ጀምሮ እንደገና ይፈተናል። መኪናውን እንዲነዳ የፈቀደውም ሰው ሊከሰስ ይችላል።

ከዚያ ይልቅ 2,160ውን እይው። እሱ ዋና፣ አንቺ ተጨማሪ። ይህ ማጭበርበር አይደለም፣ ምክንያቱም በእርግጥም ቅዳሜና እሁድ ትነጃለሽ። ልምድ ያለው ሰው መኖሩ ዋጋውን ማውረዱ ትክክለኛው መንገድ ነው። ጭራሽ የማይነዳ አጎት ግን አታስገቢ። ደግሞ አንቺ ኮርሳዋን ይዘሽ ብትጋጪ ክሌሙ የናቲ ውል ላይ ነው የሚመዘገበው፣ ይህን ሁለታችሁም እወቁት። በእሱ ስም ሲሆን ኖ ክሌም ቦነሱን የሚያጠራቅመው እሱ ነው። በአንቺ ስር ተጨማሪ ሹፌር ሆኖ ሦስት ዓመት ቢነዳ፣ በ22 ዓመቱ አብዛኞቹ ዘንድ ከዜሮ ነው የሚጀምረው።

ዳዊት፣ ሊድስ

የሎግቡኩን ነገር አላውቅም ነበር፣ ይቅርታ የናቲ እናት። ግን አንድ ጥያቄ፦ ልጁ እዚሁ ቤት ቢኖርና የእናቱን ያሪስ አልፎ አልፎ ቢነዳስ?

ሂሩት፣ በርሚንግሃም

ያማ ችግር የለውም። እሷ በየቀኑ ወደ ሥራ ትነዳዋለች፣ እሱ በሳምንት አንዴ ሱቅ ይሄድበታል። ዋና ሹፌር እሷ ናት፣ እሱ ተጨማሪ ነው። ሁኔታው ሲቀየር ግን ደውሎ ማሳወቅ ያስፈልጋል። ልጁ ሥራ ይዞ በየቀኑ መውሰድ የጀመረ ዕለት ጥያቄው ይለወጣል።

ሰናይት፣ ብሪስቶል

እኔና ባለቤቴ አንድ መኪና ነው ያለን። እሱ የሌሊት ፈረቃ ነው፣ እኔ የቀን። እኩል ነው የምንነዳው። እሱ ባለፈው ዓመት 3 ነጥብ አለበት። ማንን ዋና እናድርግ?

ሂሩት፣ በርሚንግሃም

እኩል ከሆነ በሐቀኝነት መምረጥ ትችላላችሁ። የእሱን 3 ነጥብ ግን ተጨማሪ ሹፌርም ቢሆን መናገር አለባችሁ። ደውላችሁ አስረዱ፣ የተባለውንም በኢሜይል እንዲያረጋግጡላችሁ ጠይቁ።

የናቲ እናት፣ ለንደን

ትናንት ናቲን ዋና፣ ራሴን ተጨማሪ አድርጌ፣ አነዳዱን የሚመዘግብ ብላክ ቦክስ ያለው ወሰድኩ። የማደሪያውን ፖስትኮድ ኮቨንትሪ አልኩ። 1,790 መጣ። ከምሽቱ አምስት ሰዓት በኋላ ብዙ ቢነዳ የአነዳድ ውጤቱ እንደሚወርድበት ነገሩኝ። ልጁ አኩርፏል፣ ግን ግማሹን እሱ ከሥራው ደሞዝ ይከፍላል። ጎረቤቴንም ዛሬ ቡና ጠርቻታለሁ፣ የሳሙኤልን ታሪክ አነብላታለሁ።

ሰናይት፣ ብሪስቶል

እኔም ደወልኩ። አንዱ ኩባንያ ብዙ ማይል የሚነዳው ዋና ይሁን አለኝ። ሌላው እኩል ከሆነ ነጥብ ያለበትን ዋና አድርጉ አለኝ። ማይሉን ለአንድ ወር ደብተር ላይ መጻፍ ጀምረናል። እንደዚህ ዓይነት ጉዳይ የገጠመው ሰው ካለ ምን እንዳሉት ይንገረኝ።