የትንኮሳ ቅሬታ ደረሰኝ፤ 11 የሥራ ቀን አልፏል፣ ከየት ልጀምር?

ብቸኛዋ ኤችአር፦
አዲስ አበባ ውስጥ 140 ሠራተኛ ባለው የግል ድርጅት ነው የምሠራው። ኤችአር ማለት እኔ ብቻ ነኝ። አንዲት የሽያጭ ሠራተኛ በስቶር ኃላፊው ላይ የጽሑፍ ቅሬታ አመጣችልኝ። ሌሊት ሌሊት በቴሌግራም ይጽፍላታል። አንድ ቀን ደግሞ ስቶር በር ላይ መንገድ ዘግቶ እጇን እንደያዛት ጽፋለች። ሥራ አስኪያጁ «ይጣራ፣ ግን ወሬ እንዳይሆን» ብሎ ለእኔ ተወው። 11 የሥራ ቀን አለፈ፤ እስካሁን ያደረግሁት ስክሪንሾቶቹን በስልኬ መቀበል ብቻ ነው። ለማን ምን ልንገር? ምንስ ልጻፍ?

ቀጥ በል፦
ቀላል ነው። ዛሬውኑ እሱን አግጂው። እሷን ደግሞ ለጊዜው ወደ ሌላ ቅርንጫፍ አዛውሪያት፣ እንዳይተያዩ። ምስክር ካለ ይባረራል፣ ከሌለ የእሷ ቃል በእሱ ቃል ላይ ስለሆነ ፋይሉ ይዘጋል።

ጋሽ መዝገቡ፦
ቀጥ በል፣ እንዳይተያዩ ማለትህ ልክ ነው። ቅሬታ ያቀረበችውን ማዛወር ግን ቅጣት ይመስላል። አለቃዋ እሱ ከሆነ ሪፖርት የምታደርግለትን ሰው መቀየር ይበቃል። እገዳም እንዲሁ በአፍ አይሆንም፤ መጀመሪያ የኅብረት ስምምነታችሁ ስለ እገዳ ምን እንደሚል ይታይ። ምስክር የለም ማለት ደግሞ ማስረጃ የለም ማለት አይደለም።

እህቴ፣ እኔን ያሳሰበኝ 11 ያልሽው ቁጥር ነው። በአዋጅ 1156/2011 ትንኮሳ በሥራ ቦታ የተከለከለ ነው፣ ያለ ማስጠንቀቂያም ሊያሰናብት ይችላል። ነገር ግን አሠሪው ምክንያቱን ባወቀ በ30 የሥራ ቀን ውስጥ ካላሰናበተ በአንቀጽ 27 መሠረት መብቱ ይቀራል። ቅዳሜ የምትሠሩ ከሆነ አምስት ሳምንት ማለት ነው። ሁለቱን አቃጥላችኋል። አንድ ጥያቄ፦ ሰውዬው ሠራተኛ ይቀጥራል፣ ያሰናብታል? የሥራ መሪ ከሆነ ይህ አዋጅ እሱን አይመለከተውም፣ መንገዱ ይለያል።

ብቸኛዋ ኤችአር፦
አይቀጥርም፣ አያባርርም። ስሙ ነው እንጂ ኃላፊ፣ ደረሰኝ ነው የሚፈርመው።

ጋሽ መዝገቡ፦
ጥሩ። እንግዲህ ዛሬ የሚጠፋውን ቅደሚ። ስቶር በር ላይ ካሜራ አለ? መሣሪያው ሲሞላ በአሮጌው ላይ ደርቦ ይቀዳል። የዚያን ቀኑ እስካሁን ካለ ዛሬውኑ በፍላሽ አስገልብጪ፤ ማን፣ መቼ እንደገለበጠው ጽፈሽ አስፈርሚ።

ሁለተኛው ቴሌግራም ነው። እዚያ አንዱ ወገን መልእክቱን ከሁለቱም ስልክ ላይ ሊያጠፋው ይችላል። ስለዚህ ለእሱ ከመነገሩ በፊት ልጅቷ ስልኳን ይዛ ትምጣ። ስልኩን አትቀበያት። እሷ ራሷ ከፍታ ታሳይሽ፣ ሌላ አንድ ታማኝ ሰው ባለበት። ስክሪንሾት ላይ የሚታየው ስም እሷ በስልኳ የመዘገበችው ስም ነው፤ ማንም የፈለገውን ብሎ ሊመዘግብ ይችላል። ፕሮፋይሉን አስከፍተሽ ቁጥሩን ወይም ዩዘርኔሙን መዝግቢ። ቁጥሩ ድርጅቱ ጋ ካለው ስልኩ ጋር ይገጥማል ወይ? ከመልእክቱ በፊትና በኋላ ያለውንም አስቀሪ። የእሷን መልስ ቆርጠሽ የእሱን ብቻ ካስቀመጥሽ ነገ መልሶ አንቺን ይከስሻል። በኮምፒውተር የምትጠቀም ከሆነ ደግሞ ቴሌግራም ዴስክቶፕ ላይ `Export chat history` የሚል አለ፣ ንግግሩን ሙሉውን ያወጣል።

ፍሬዘር አባት፦
እኔ መንግሥት መሥሪያ ቤት ነኝ። እኛ ጋ የዲሲፕሊን ኮሚቴ አለ። ለእሱ መምራት አይሻልም? ደግሞ ሁለቱም ባለትዳር ከሆኑ በሽማግሌ ቢያልቅ ለሁሉም…

ጋሽ መዝገቡ፦
ወንድሜ፣ የመንግሥት ሠራተኛ የራሱ አዋጅ አለው፣ የእሷ የግል ድርጅት ነው። ሽምግልናው ይቅር። ያስቸገራትን ሰው ፊት ለፊት አስቀምጠሽ «ይቅር በይው» ማለት ጫና ነው። ቀኑም እየሄደ ነው።

ማተሚያ ያቃጠለኝ፦
የእኔን ልንገርሽ። ከዓመታት በፊት በሌላ ድርጅት ቅሬታ አቅርቤ ነበር። ኤችአሩ ቃሌን ተቀብሎ የጋራ ፕሪንተር ላይ አዘዘው። ሻይ ሊጠጣ ሄደ። ወረቀቱን ያነሳው የሒሳብ ክፍል ልጅ ነበር። ከሰዓት በኋላ ምሳ ቤት ስገባ ዝም አሉ። ስብሰባ ክፍሉም መስታወት ነበር፣ ማን ገባ ማን ወጣ ሁሉም ያያል። እባክሽ በእጅሽ ጻፊ፣ ወይ አጠገቡ ቆመሽ አትሚ። እኔ ከቅሬታው ይልቅ ያቺ ምሳ ሰዓት ናት የማትረሳኝ።

ጋሽ መዝገቡ፦
ይኸው። ሚስጥር የሚያፈሰው አብዛኛውን ጊዜ ክፋት ሳይሆን እንዲህ ያለ ነገር ነው። ፋይሉን በስም ሳይሆን በቁጥር ያዢ፣ ከግል ማኅደሯም ለይተሽ ቆልፊበት። ለልጅቷ ግን «ለማንም አልናገርም» እንዳትያት። ለእሱ መንገር አለብሽ፣ አለበለዚያ እንዴት ይመልሳል? «ማወቅ ካለበት ሰው አያልፍም» በያት።

ምስክር ስትጠሪ ደግሞ አፉ ውስጥ ቃል አታስገቢ። «እገሌ እገሊትን ሲይዛት አይተሃል?» ካልሽ ወሬውን ራስሽ ነዛሽው። «ማክሰኞ ከሰዓት ስቶር በር ላይ ምን አየህ?» በቂ ነው። የነገረሽን በራሱ ቃል ጻፊ። «ክንዷን ያዝ አድርጎ ሳቀ» ካለ፣ «አካላዊ ንክኪ ፈጸመ» ብለሽ አታሳምሪው። አንብቦ በየገጹ ይፈርም። ስህተት ካለ ይሰረዝና አጠገቡ ይፈረም፣ ወረቀቱ አይቀደድ።

ብቸኛዋ ኤችአር፦
ከአራት ቀን በኋላ ተመለስኩ። ካሜራው ጠፍቷል፣ ደርቦበታል። ቁጥሩ ግን ገጠመ። ዛሬ የእሱን ቃል ተቀበልኩ፤ ቅሬታው የሚለውን በዝርዝር ነግሬው። «ውሸታም ናት» አለ። ጥቅምት 18 ሌሊት ጻፈልኝ ብላለች፣ ስልኩ ላይ ያለው ግን ኦክቶበር 29 ነው፣ እሱ ጥቅምት 19 ነው ይላል። እኔም ግራ ገባኝ።

ጋሽ መዝገቡ፦
ሰዓቱ ስንት ይላል?

ብቸኛዋ ኤችአር፦
00:20።

ጋሽ መዝገቡ፦
አየሽ፣ 00:20 ማለት ከሌሊቱ 6:20 ነው። ለስልኩ ቀኑ ገና መቀየሩ ነው። ለእኛ ሌሊቱ የጥቅምት 18 ነው፣ ነግቶ ነው 19 የሚሆነው። አልዋሸችም። መዝገብሽ ላይ ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን ጻፊ፤ ይህን የማይጽፍ ፋይል ክርክር ላይ ይወድቃል። ሌላ ምን አለ?

ብቸኛዋ ኤችአር፦
«መልእክቱን ልኬያለሁ፣ ግን ቀልድ ነው» አለ። የስቶር በሩን ይክዳል። የጥበቃ ሠራተኛው መንገድ ዘግቶ ሲቆም አይቷል፣ እጇን ሲይዝ ግን አላየም።

ጋሽ መዝገቡ፦
ቀልድ ነው ያለውን ይዘሽ ወደ እሷ ተመለሺ፣ ምን ብላ እንደመለሰችለት እዩ። «ተው» ካለችው በኋላ ከቀጠለ ቀልዱ አለቀ። ሪፖርትሽ ላይ ነገሮቹን ለያዪ። መልእክቱ ተረጋግጧል፣ መንገድ መዝጋቱን ምስክር ደግፎታል፣ እጅ መያዙ አልተረጋገጠም። አልተረጋገጠም ማለት ውሸት ነው ማለት አይደለም፣ እንደዚያ ብለሽ ጻፊው። ውሳኔው የሥራ አስኪያጁ ነው፤ ማሰናበት ከሆነ ምክንያቱና ቀኑ በጽሑፍ ይሰጠው።

ቀጥ በል፦
ጋሼ፣ 30ው ቀን ከቅሬታው ነው የሚቆጠረው ወይስ ማጣራቱ ካለቀ? አሁን ነው እኮ በትክክል ያወቁት።

ጋሽ መዝገቡ፦
እዚህ ላይ ጠበቆች ይከራከራሉ። ሁለቱንም ሲሉ ሰምቻለሁ። እኔ ብሆን ቅሬታው ከገባበት ቀን እቆጥራለሁ፣ አንተ በፍርድ ቤት ልትሞክረው ትችላለህ።

ብቸኛዋ ኤችአር፦
15ኛው ቀን ላይ ነኝ። ነገ ጠዋት እሷን እጠራታለሁ። ከዕቃ ግዢ ጀርባ ያለችውን ትንሿን ክፍል ነው የያዝኩት፣ መስኮት የላትም።