«የተረጋጋውን ውሰዱ»፦ እኩል የመጡት ሁለቱ አካውንታንቶች

ሰላም ከሳሪስ
ትናንት አንድ የኤች አር ስልጠና ላይ አሰልጣኙ «ሁለት ተወዳዳሪ እኩል ከመጣባችሁ የተረጋጋውን ውሰዱ» ብሎ አለፈ። ሰው ሁሉ አጎንብሶ ጻፈ። እኔ ተናድጄ ወጣሁ። ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት ፋይል አለ፣ የሲኒየር አካውንታንት ቦታ። የጽሑፍ ፈተና ከ50፣ ተግባር ከ20፣ ቃለ መጠይቅ ከ30። አንዷ 83.4፣ አንዱ 83.1 አመጡ። እሷ 8 ዓመት አንድ ድርጅት ውስጥ ናት። እሱ በ6 ዓመት ውስጥ አራት ቦታ ሠርቷል። ኮሚቴው «እሷ የተረጋጋች ናት» ብሎ ሊፈርም ነው። የተግባር ፈተናው ላይ ግን በአይኤፍአርኤስ 16፣ በዓለም አቀፉ የኪራይ ሂሳብ ደረጃ፣ የመጋዘን ኪራይ የማስላቱን ጥያቄ እሱ ሠርቶታል፣ እሷ ባዶ ትታዋለች። እኛ ደግሞ ሦስት መጋዘን ተከራይተናል። «የተረጋጋ» የምትሉት ምኑን ነው?

ጋሽ ደረሰ
ልጄ፣ እኔ ፋይናንስ ውስጥ 22 ዓመት ኃላፊ ነበርኩ። የተረጋጋ ማለት ሰኔ 30 ሲደርስ ወንበሩ ላይ የሚገኝ ሰው ማለት ነው። አንድ ዓመት ሁለት አካውንታንት በግንቦትና በሰኔ ተከታትለው ለቀቁብኝ። ሂሳቡ ሳይዘጋ የግብር ማሳወቂያው ቀን፣ ጥቅምት 30፣ አለፈ። ቅጣቱን የከፈለው ድርጅቱ ነው፣ የተወቀስኩት እኔ ነኝ። የኪራይ ስሌት በሁለት ሳምንት ይማሩታል። መቆየትን ግን ማን ያስተምራል?

ናሆም
ጋሽ ደረሰ፣ በአክብሮት ልቃወምዎት። «ወንበሩ ላይ የሚገኝ» ነው ያሉት። ወንበር ላይ መገኘት ሥራ ነው? እኔም ሦስት ቦታ ቀይሬያለሁ። በእያንዳንዱ ቦታ አለቃዬ «ቆይ፣ ዓመቱ ሲያልቅ እናያለን» ይለኝ ነበር፣ የቤት ኪራዬ ግን ዓመቱ እስኪያልቅ አልጠበቀኝም። ደመወዝ የሚጨመረው ለሚለቅ ሰው ብቻ ከሆነ፣ ስለለቀቀ እንዴት ይወቀሳል?

ጋሽ ደረሰ
ማንም አልወቀሰም። አደጋውን የሚሸከመው ቀጣሪው ነው አልኩ እንጂ።

አበበ (ደብረ ብርሃን)
ይሄማ በሕግ ያለቀ ነገር አይደለም እንዴ? እኩል ወይም ተቀራራቢ ነጥብ ሲመጣ ለሴት፣ ለአካል ጉዳተኛ፣ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ቁጥራቸው አነስተኛ ለሆነ ብሔረሰቦች ቅድሚያ ይሰጣል። አዋጅ ላይ ተጽፏል። እሷ ሴት ናት፣ አለቀ።

ወርቅነሽ
ወንድሜ አበበ፣ እሱ የመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ነው። ሰላም ያለችው የግል ድርጅት ውስጥ ነው። አንድ ነገር ግን በትክክል ይዘሃል፤ እዚያ ጋ እኩል ሲመጡ ምን እንደሚደረግ ሰዎቹ ሳይታወቁ በፊት ተጽፏል። የሰላም ኮሚቴ ግን ስሞቹን ካየ በኋላ ነው መለያ የፈለገው። እንደዚያ ሲሆን ሁሉም የወደደውን ሰው የሚያሳልፍለትን መለያ ያመጣል።

ቅጥር ኮሚቴ ውስጥ 17 ዓመት ስለተቀመጥኩ ትንሽ ላብራራ። ሰላም፣ መጀመሪያ እኩል መሆናቸውን አረጋግጪ። የቃለ መጠይቁ ነጥብ የሦስት ሰው አማካይ ከሆነ፣ አንዱ ፈታኝ አንድ ነጥብ ብቻ ቢለውጥ አማካዩ በ0.33 ይቀየራል። የእናንተ ልዩነት 0.3 ነው። አንድ ፈታኝ ከምሳ በፊት ወይም ከምሳ በኋላ በመፈተኑ ብቻ ደረጃው ይገለበጣል ማለት ነው። ስለዚህ «እሷ ትበልጣለች» የሚለውን እርሱት። እኩል ናቸው።

ቀጥሎ ሦስቱን ነገር አትደባልቁ። ችሎታው መቼ ነው በእጅ የተሠራበት፣ ሰውየው ከየት ተነስቶ የት ደረሰ፣ የት ስንት ጊዜ ቆየ። «የተረጋጋ» የሚለው ቃል የሚያየው ሦስተኛውን ብቻ ነው። ከሦስቱ ደካማው ደግሞ እሱ ነው።

ሰላም ከሳሪስ
ወርቄ፣ ለምን ደካማ ሆነ?

ወርቅነሽ
ምክንያቱን ስለማይነግርሽ። የልጁን ሲቪ እስቲ ወር በወር ንገሪን። ለምን እንደለቀቀም ጨምሪ።

ሰላም ከሳሪስ
14 ወር፣ 11 ወር፣ 24 ወር፣ 22 ወር። የመጀመሪያው ኤንጂኦ ነው፣ በካሸርነት ገባ፣ ፕሮጀክቱ አለቀ። ሁለተኛው ድርጅት ተዘጋ። ሦስተኛውን ደመወዝ አግኝቶ ለቀቀ። አራተኛው ላይ አሁንም አለ፣ ሂሳብ ይዘጋል።

ናሆም
ይኸው! ከአራቱ በፈቃዱ የለቀቀው አንዱን ነው። ስለ ሌሎቹ «ያልተረጋጋ» የሚባለው ድርጅቱ ነው!

ወርቅነሽ
ናሆም፣ ትክክል ነህ፣ ግን አንተም አታጋን። አካውንታንት ላይ የማየው አንድ ነገር አለ። የውጭ ኦዲተር የሚመጣው ሂሳብ ከተዘጋ ወራት ቆይቶ ነው። በየቦታው 11 እና 14 ወር ብቻ የሚቀመጥ ሰው ራሱ የዘጋው ሂሳብ ሲመረመር ላያይ ይችላል። ስህተቱን ሌላ ሰው ያርምለታል፣ እሱ ሳያውቅ ይሄዳል። ስለዚህ የምቆጥረው ዓመት አይደለም። «ራስህ የዘጋኸው ሂሳብ ኦዲት ሲደረግ አንተ እዚያ ነበርክ ወይ? ምን ተገኘብህ? እንዴት አስተካከልከው?» ብዬ እጠይቃለሁ። ይህ ልጅ ሦስተኛው ቦታ ላይ 24 ወር ስለቆየ ቢያንስ አንድ ጊዜ አይቶት ይሆናል። ጠይቂው። እሷንም እንደዚያው ጠይቂያት፣ 8 ዓመት መቆየት ብቻውን መልስ አይሆንም።

ጋሽ ደረሰ
ይህን የኦዲት ነገር እቀበላለሁ። እኔም የምለው ይሄንኑ ነው እኮ፣ በራሴ አነጋገር።

ትዕግስት መ.
እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ሁለት ልጅ ለማሳደግ ሁለት ዓመት ተኩል ቤት ተቀምጫለሁ። ስመለስ ሁሉም «የመጨረሻው ሥራሽ መቼ ነው?» አለኝ። የሂሳብ መሠረት አይረሳም። «በቅርብ ጊዜ የተሠራ» እያላችሁ ስትመዝኑ እኔን የመሰለ ሰው ሁልጊዜ ይወድቃል።

ወርቅነሽ
ትዕግስት፣ እውነትሽን ነው። ይህ ነገር ያለ ቦታው ሲገባ ይጎዳል። ዴቢትና ክሬዲት አያረጅም። ባንክ ማስታረቅም አያረጅም። የሚያረጀው ሕግና ሶፍትዌር ነው፤ የታክስ አዋጅ፣ አይኤፍአርኤስ፣ ፒችትሪ ትቶ ወደ ኢአርፒ የገባ መሥሪያ ቤት። ስለዚህ መታየት ያለበት ሥራው በመጀመሪያ ሦስት ወር የሚፈልገውና የሚያረጅ ችሎታ ብቻ ነው። አንቺን ቫት የምታስታውቂበትን አዲሱን አሠራር አንድ ቀን ያሳዩሽና ይፈትኑሽ። የቀን መቁጠሪያ አይፍረድብሽ።

ሰላም፣ ያቺ ልጅ ግን አሁን ምን እየሠራች ነው? ሲቪዋ ላይ አይኤፍአርኤስ አለ?

ሰላም ከሳሪስ
አለ። ግን ሽግግሩን የሠሩት አማካሪዎች ናቸው፣ እሷ ሰነድ ስታቀርብ ነበር። ያለፉትን ሁለት ዓመታት ቋሚ ንብረት ላይ ብቻ ናት። ሥራው በፒችትሪ ነው። ማዕረጓ ግን ከአካውንታንት ሲኒየር ሆኗል።

ናሆም
አያችሁ? ማዕረግ አደገ፣ ሥራ ጠበበ። ዕድገት የሚባለው ይሄ ነው? እሱ ከካሸር ተነስቶ ዛሬ ሂሳብ ይዘጋል!

ተስፋዬ
ናሆም፣ ስለ ዕድገት ስታወራ ተጠንቀቅ። እኔ ባደግኩበት ቢሮ ከአካውንታንት በላይ ያለው ወንበር የባለቤቱ እህት ነበር። እኔ የት ልደግ? ሁለት ሰው ባለበት ቢሮ ደግሞ አንዱ ራሱን ሲኒየር ይላል። መሰላል የሌለበት ቤት የሠራን ሰው «አላደገም» ማለት ግፍ ነው። ይህ ነገር ራሱ ዘመድ ያለውን ይጠቅማል።

ወርቅነሽ
ስለ ማዕረግ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ለዚህ ነው የኃላፊነቱን መጠን የምጠይቀው። በፊት የማይሰጡህን አሁን የሚሰጡህ ሥራ ምንድን ነው? የሚያርምህ ሰው አለ ወይስ አንተ ታርማለህ? መሰላል በሌለበትም ሰው በዚህ ያድጋል። አለቃው ሁሉንም ለራሱ የያዘበት ቤት ግን ይህንንም አያሳይም። እዚያ ላይ የአንተን ተቃውሞ መመለስ አልችልም ተስፋዬ። እኔም እንዲህ ያለ ሲቪ ሲመጣ ዕድገቱን ትቼ ሌላውን ነው የማየው።

ጋሽ ደረሰ
እንግዲያውስ ሰላም ልጁን ትውሰድ ነው የምትሉት?

ወርቅነሽ
አላልኩም ጋሽዬ። እሷ የተወችው የኪራይ ጥያቄ 83.4 ውስጥ ተቀንሶባታል። «ባዶ ትታዋለች» ብለው እንደገና ከቀነሱባት ሁለት ጊዜ ቀጧት ማለት ነው። ኮሚቴውም ለማጣሪያ የልምድ ዓመት ቆጥሮ ከሆነ፣ 8 ዓመቷን እዚህ ሲያነሳ ሁለት ጊዜ ሸለማት ማለት ነው። አሁን የሚቀረው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። ሰውየው ከገባ በኋላ ሦስቱን መጋዘን ለኦዲት የሚያዘጋጀው ራሱ ነው ወይስ አማካሪ አላችሁ? ራሱ ከሆነ በቅርቡ በእጁ የሠራው ይቀድማል። አማካሪ ካላችሁ ያ ብልጫ ይቀንሳል፣ ያኔ እኔ እሷንም እወስዳለሁ።

ሰላም ከሳሪስ
አማካሪው ውሉ አልቋል። ለዚህ ነው ቦታው የወጣው።

አበበ (ደብረ ብርሃን)
60 የሥራ ቀን የሙከራ ጊዜ አለ አይደል? ሁለቱንም ቅጠሩና እዩዋቸው።

ትዕግስት መ.
አበበ፣ አንዱ ከያዘው ሥራ ለቆ ነው የሚመጣው። በ60 ቀን «በቃኸን» ብትሉት ወዴት ይመለሳል? ሰው ዕቃ አይደለም።

ጋሽ ደረሰ
ይህ ትክክል ነው። ይህን አታድርጉ።

ሰላም ከሳሪስ
ፊርማዬን አቆይቻለሁ። ሰኞ ሁለቱንም ጠርቼ አንድ አይነት ጥያቄ እጠይቃለሁ፤ የመጨረሻውን ኪራይ ያሰሉት መቼ ነው፣ ምን ቁጥር ወጣ፣ ማን አየው። እንዲሁም የዘጉት ሂሳብ ኦዲት ላይ ምን እንደገጠማቸው። መልሱን ሦስታችንም ሳንነጋገር ለየብቻ እንጽፋለን።

ናሆም
ስለ ቆይታ አትጠይቁ በቃ።

ጋሽ ደረሰ
ትጠይቅ! በሦስተኛው ቦታ ደመወዝ አግኝቶ የለቀቀው በየትኛው ወር ነው? ሰኔ ከሆነ እኔ አልቀጥረውም።

ሰላም ከሳሪስ
አሁን አየሁት። መስከረም ነው።

ጋሽ ደረሰ
ሂሳቡን ዘግቶ ወጣ ማለት ነው። ጥሩ። ግን ጥቅምት 30 አልደረሰም።