ትረካው ከምስሉ ጋር አልገጥም አለኝ፣ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች፣ ከባሕር ዳር ነው። ጣና ዳር የደንገል ታንኳ ሲሠራ የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ እያዘጋጀሁ ነው። ትረካውን am-ET-MekdesNeural በሚባለው የኮምፒውተር ድምፅ ነው የማስነብበው።

ደንገሉ የሚታሰርበት ምስል 9 ሰከንድ ነው፤ ትረካው ግን 12 ወሰደ። ድምፁን በ33 በመቶ ሳፈጥነው ገጠመ፣ ግን ቃላቱ ተዋጡ። ምስሉን ማዘግየት አልፈለግኩም፤ የሠሪው የእጅ ፍጥነት ነው ውበቱ። ስለዚህ ጽሑፉን አሳጠርኩት፣ ተስተካከለ።

የቸገረኝ ቀጥሎ ያለው ነው። «ታንኳው ቀስ ብሎ ውሃው ላይ ወረደ» ይላል። «ወረደ» የሚለው ልክ ታንኳው ውሃውን ሲነካ እንዲሰማ እፈልጋለሁ። ዓረፍተ ነገሩን ለሁለት ከፍዬ ሳስነብበው፣ «ውሃው ላይ» ሲል አራት ነጥብ ያለ ይመስል ድምፁ ወደ ታች ይወድቃል። ሳልከፍል ከ«ወረደ» በፊት ይህን የዝምታ ትእዛዝ ሳስገባ ዜማው ይሻላል፦

```xml
<break time="700ms"/>
```

ግን ከፊቱ አንድ ቃል በቀየርኩ ቁጥር ሰዓቱ ይዛባል፤ ያንን ዝምታ እንደገና በጆሮዬ መለካት አለብኝ። እያንዳንዱ ቃል በስንተኛው ሚሊሰከንድ እንደሚጀምር ከድምፁ ጋር አብሮ የሚያወጣ መንገድ በአማርኛ ሞክሮ የተሳካለት አለ? ካለ እንዴት እንዳደረጋችሁት ንገሩኝ።