ደንበኞችን በቡድን ስከፍል ትክክሉን በምን ልወቅ?

ሰላም ወገን፣ እዚህ ቱሉ ዲምቱ ላለ የግንባታ ዕቃ ሱቅ ደንበኞችን በ`KMeans` እየከፈልኩ ነው፣ ግን ግራ ገብቶኛል።

የስፓም ማጣሪያ ስሰራ መልዕክቱ ሁሉ «ስፓም» ወይም «ደህና» ተብሎ ቀድሞ ስለተለየ፣ ሞዴሉ ያላየውን ሰጥቼ ስንቱን እንደሳተ እቆጥር ነበር። እዚህ ግን መልስ የተጻፈለት ደንበኛ የለም። ያለኝ የወሩ ግዢ በብርና በወር ስንት ጊዜ እንደመጣ ብቻ ነው። ብሩ በሺዎች ስለሚሄድ `KMeans` በደንበኞች መካከል የሚለካውን ርቀት ብቻውን ይወስነዋል፤ በየሳምንቱ ሚስማር የሚገዛ አናጺና አንዴ ብቅ ብሎ የጠፋ ሰው አንድ ቡድን ገቡ። በ`StandardScaler` ሳስተካክለው አናጺው ተለየ፣ ባለሱቁም ይሄኛው ይሻላል አለ።

አሁን የጨነቀኝ የቡድኑ ብዛት ነው። `silhouette_score` 3ን ይመርጣል፣ ባለሱቁ ቅናሽ ለመስጠት የሚመቸው ግን 4ቱ ነው። በየትኛው ልሂድ? እንዲህ ያለ ነገር የሰራችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።